የ14 ዓመቱ ልጅ ስንት ሳንቲሜትር ቀረው? የእጅ ኤክስሬይ አነባበብ ደረጃ በደረጃ

ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጎን ሲሰለፉ ወላጆች ይደነግጣሉ። "ዶክተር፣ ልጄ ከክፍሉ ሁሉ አጠረ። ገና ያድጋል ወይስ በቃው?" የሚለው ጥያቄ የሚበዛው ያኔ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ከ13 እስከ 15 ዓመት ወንዶች ልጆች ያሏቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ቀላል ምርመራ አለ። የግራ እጅ ኤክስሬይ ይነሣል፣ የአጥንት ዕድሜ ይነበባል፣ ከዚያ የቀረው እድገት ይሰላል።

ፊልሙን ማንሣት አይከብድም። ተራ የኤክስሬይ መሣሪያ ያለው ማንኛውም ቦታ ያነሣዋል። የሚከብደው ማንበቡና ከተነበበ በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ማወቁ ነው። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ገና ልምምድ ላይ ላሉ ሐኪሞችና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ነው። ሪፖርቱን ይዞ "ይህ ቁጥር ምንድን ነው?" ለሚል ወላጅም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻ እንሂድ። ልጁ የዘጌ ልጅ ነው እንበል። ዕድሜው 14 ዓመት፣ ቁመቱ 146 ሳንቲሜትር። ድምፁ ገና አልጎረነነም፣ ጢምም የለውም። አባቱ 172፣ እናቱ 158 ሳንቲሜትር ናቸው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። አባትየው "እኔም እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ትንሽ ነበርኩ" ይላል። ይህን የአባት ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

ፊልሙ የሚነግረን ምንድን ነው?

የሚያድግ ልጅ አጥንት አንድ ወጥ አይደለም። ረጅሙ ግንድ አለ። በግንዱ ጫፍ ደግሞ ለብቻው የቆመ ትንሽ አጥንት አለ፤ ሐኪሞች ኤፒፊሲስ ይሉታል፣ እኔ እዚህ ቆብ እለዋለሁ። በቆቡና በግንዱ መካከል ያለው ልም አጥንት ነው። አጥንት የሚረዝመው እዚያ ላይ ነው። ልም አጥንት በኤክስሬይ ስለማይታይ ፊልሙ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። ልጁ በጉርምስና ውስጥ ሲያልፍ ያ መስመር ይሳሳል፣ ይዘጋል፣ ቆቡም ከግንዱ ጋር ይዋሐዳል። ከዚያ በኋላ ያ አጥንት አይረዝምም።

ይህ ለውጥ በሁሉም ልጅ ላይ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይመጣል። የሚለያየው ፍጥነቱ ነው። አንዱ በ12 ዓመቱ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ሌላው በ14 ዓመቱ ይደርሳል። የአጥንት ዕድሜ ማለት ይኸው ነው። የልጁ አጥንት የስንት ዓመት ልጅ አጥንት ይመስላል?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ሳንቲሜትር አይናገርም። የሚናገረው ልጁ ከመጨረሻ ቁመቱ ስንት በመቶውን እንደጨረሰ ነው። ሳንቲሜትሩ የሚገኘው ይህ መቶኛ ከልጁ ቁመት ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጉናል፤ ትክክለኛ ዕድሜ፣ ትክክለኛ ቁመት እና የአጥንት ዕድሜ። አንዱ ከተበላሸ መልሱ ይበላሻል።

አንደኛ፦ ዕድሜውን በአንድ የቀን አቆጣጠር አስሉ

ይህ ቀላል ይመስላል። እኛ ሀገር ግን ብዙ ስሕተት የሚገባው በዚህ በር ነው። እናት የልደት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ትናገራለች። የኤክስሬይ ማሽኑ ደግሞ ፊልሙ ላይ የፈረንጅ ቀን ያትማል። ሁለቱን ሳያስተካክሉ መቀናነስ አይቻልም።

ልጃችን የተወለደው ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የተነሣው ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው 14 ዓመት ከ8 ቀን ማለት ነው። ፊልሙ ላይ ግን 2025-10-30 ይላል። አንድ ሰው በችኮላ "ልዩነቱ 8 ነው" ብሎ 8 ቢቀንስ 2017 ያገኛል። ከዚያ 2004ን ሲቀንስ ልጁ 13 ዓመት ይሆናል። ከመስከረም 1 እስከ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው 8 የሚሆነው። የአንድ ዓመት ስሕተት ምን እንደሚያመጣ ስሌቱ ላይ ስንደርስ ታያላችሁ።

የልደት ቀን በትክክል የማይታወቅበት ጊዜም አለ። የክትባት ካርድ ካለ እሱ ይቅደም። የክርስትና ቀንም ይረዳል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ወደኋላ መቁጠር ይቻላል። የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያለው ዕድሜ ግን አንዳንዴ ለምዝገባ ተብሎ የተስተካከለ ነው። እናትን ለብቻዋ፣ ሳትጨነቅ መጠየቅ ይሻላል። "ከማን ልጅ ጋር ተወለደ? የየትኛው በዓል ሰሞን ነበር?" ሲባል ጥሩ መልስ ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ቁመቱን በዚያው ቀን ለኩ

ጫማና ካልሲ ይወልቅ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ጀርባ ግድግዳውን ይንኩ። ልጁ ፊት ለፊት ይይ፣ አገጩን አያንሣ። ሴት ልጅ ሹሩባ ከተሠራች መለኪያው ሹሩባው ላይ እንዳይቆም ተጠንቀቁ። ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ። ጠዋት የተለካ ልጅ ማታ ቢለካ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ አጥሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በድጋሚ ሲመጣ በዚያው ሰዓት ብትለኩት ጥሩ ነው።

በዚህ ዕድሜ በቁመት የሚገባ እያንዳንዱ ስሕተት በስሌቱ ይበዛል። ልጃችን ከነጫማው ተለክቶ 148.5 ቢባል ትንበያው ወደ 3 ሳንቲሜትር ያህል ይጨምራል።

ሦስተኛ፦ ፊልሙ በትክክል ይነሣ

የሚነሣው የግራ እጅ ነው፤ ማመሳከሪያ ሥዕሎቹ ሁሉ የግራ እጅ ስለሆኑ። መዳፉ ወደ ታች ሆኖ ሰሌዳው ላይ ይዘርጋ። ጣቶች በትንሹ ይከፈቱ፣ አውራ ጣት ሳይጨነቅ ወደ ጎን ይረፍ። የመሃል ጣት ከክንዱ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሁን። ፊልሙ ከጣቶቹ ጫፍ ጀምሮ ከአንጓው በላይ ያሉትን የሁለቱን የክንድ አጥንቶች ጫፍ፣ ማለትም የራዲየስንና የአልናን፣ ማካተት አለበት። ራዲየስ የተቆረጠበት ፊልም ጎደሎ ነው፤ ይደገም።

ጣት ከታጠፈ ቆቡ ግንዱ ላይ ይደረብና የተዘጋ ይመስላል። ይህ ልጁን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ስለ ጨረር የሚጨነቁ ወላጆች አሉ፣ መጨነቃቸውም ተገቢ ነው። የአንድ እጅ ፊልም ጨረር ግን በጣም ትንሽ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከተፈጥሮ ከምናገኘው ያነሰ ነው።

አንድ ነገር ልለምን። ፊልሙን በስልክ አንሥታችሁ በቴሌግራም አትላኩ። ቀጭኗ መስመር የምትጠፋው እዚያ ነው። ፊልሙን ሳትጠቀልሉ ይዛችሁ ኑ፣ ወይም ዲጂታል ከሆነ ፋይሉን ራሱን ይዛችሁ ኑ።

አራተኛ፦ ንባቡ

ብዙ ቦታ የሚሠራበት መንገድ የግሩሊክና የፓይል አትላስ ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን ሁለተኛው እትም በ1959 ወጣ። አትላሱ ውስጥ የወንድና የሴት ልጆች የእጅ ፊልሞች በዕድሜ ተራ ተደርድረዋል። አንባቢው የልጁን ፊልም ይዞ የትኛውን እንደሚመስል ይፈልጋል። ሌላ መንገድም አለ፤ የታነርና የዋይትሃውስ ዘዴ ለእያንዳንዱ አጥንት ነጥብ እየሰጠ ይደምራል። እሱ ጊዜ ይወስዳል። እዚህ የማሳያችሁ የመጀመሪያውን ነው።

ፊልሙን ከማየታችሁ በፊት የልጁን ዕድሜ አትመልከቱ። ጾታውን ብቻ እወቁ። ዕድሜውን ያወቀ ዓይን ወደዚያው ይጎተታል፤ "14 ዓመቱ ነው" ከተባለ 14ን መፈለግ ይጀምራል። ጾታ ግን የግድ ነው። ሴቶች ቀድመው ስለሚበስሉ ሰንጠረዡም ሥዕሉም የተለየ ነው። በ12 ዓመት የአጥንት ዕድሜ ሴት ልጅ ከቁመቷ 92.2 በመቶውን ጨርሳለች፤ ወንዱ ገና 83.4 በመቶ ላይ ነው። ሪፖርቱ ላይ ጾታ ተሳስቶ ከተጻፈ ልጁ ወደ መጨረሻ ቁመቱ የተቃረበ ያህል ይቆጠራል።

አሁን ፊልሙን መብራት ላይ ስቀሉት። ሁሉንም አጥንት እኩል አትዩ። በየዕድሜው የሚናገረው አጥንት ይለያያል።

በትንሽ ልጅ ላይ የጣቶቹ ቆቦች ስፋት ከግንዱ ሲነጻጸር ይታያል። በዚህ ጊዜ ቆቡ ከግንዱ ይጠባል። ልጁ ሲያድግ ቆቡ እየሰፋ ከግንዱ እኩል ይሆናል። ጉርምስናው ሲጀምር ቆቡ ከግንዱ ያልፍና ጫፎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ ግንዱን ይሸፍኑታል። ከዚያ መዘጋቱ ይመጣል። መጀመሪያ የሚዘጉት የጣት ጫፍ አጥንቶች ናቸው፤ በወንድ ልጅ በ15 የአጥንት ዕድሜ አካባቢ። ሌሎቹ የጣትና የመዳፍ አጥንቶች ይከተላሉ። በመጨረሻ የሚዘጋው ራዲየስ ነው። ራዲየስ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ የሚቀር ቁመት አለ ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም።

አንዲት ትንሽ ክብ አጥንትም አለች፣ ሴሳሞይድ ትባላለች። ከአውራ ጣት ሥር፣ ወደ መዳፉ በኩል ብቅ ትላለች። በወንድ ልጅ በ13፣ በሴት ልጅ በ11 የአጥንት ዕድሜ አካባቢ ነው የምትታየው። እሷ ብቅ ካለች ቁመት ሽቅብ የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል ወይም በር ላይ ነው።

የአንጓው ትንንሽ አጥንቶች ዓይን ይስባሉ። በሕፃናት ላይ ይጠቅማሉ። በዚህ ዕድሜ ግን ለንባብ ደካሞች ናቸው። ጣቶቹ አንድ ነገር፣ አንጓው ሌላ ነገር ሲናገሩ ጣቶቹን እመኑ።

የልጃችንን ፊልም እንየው። የጣቶቹ ቆቦች ከግንዶቹ እኩል ሰፍተዋል። ነገር ግን አንዱም ገና ወደ ታች አልታጠፈም። ምንም የተዘጋ መስመር የለም። ከአውራ ጣቱ ሥር ሴሳሞይድ አትታይም። ስለዚህ የአጥንት ዕድሜው ከ13 በታች ነው ማለት ነው። አትላሱን ስንገልጥ የወንዶች የ11 ዓመት ተኩል ሥዕል ላይ ቆቦቹ ትንሽ ጠበብ ይላሉ፣ ልጃችን ያንን አልፏል። የ12 ዓመት ተኩሉን ግን አልደረሰበትም። በሁለቱ መካከል አስቀምጡት፤ 12 ዓመት።

መልሱን ጻፉና ፊልሙን አስቀምጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጀመሪያውን ሳታዩ እንደገና አንብቡት፣ ወይም ሌላ ሰው ያንብበው። ግማሽ ዓመት ቢለያይ የተለመደ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከተለያየ አማካይ አትውሰዱ። ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ የትኛው አጥንት እንዳለያያችሁ ፈልጉ።

አምስተኛ፦ ስሌቱ

አሁን ዕድሜውን ማየት ትችላላችሁ። ዕድሜው 14፣ የአጥንት ዕድሜው 12። ሁለት ዓመት ወደኋላ ቀርቷል።

መቶኛው የሚገኘው ከቤይሊና ከፒኖ ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ቢሆንም ዛሬም ይሠራበታል። ሰንጠረዡ ሦስት ክፍል አለው። አጥንቱ ከዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ የቀደመ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ፣ እና ከአንድ ዓመት በላይ የዘገየ። ልጃችን ሦስተኛው ውስጥ ነው። በ12 የአጥንት ዕድሜ፣ ለዘገየ ወንድ ልጅ፣ 84.5 በመቶ ይላል። የመጨረሻ ቁመት የሚገኘው የአሁኑን ቁመት ለዚህ በማካፈል ነው።

```
146 ÷ 0.845 = 172.8
172.8 − 146 = 26.8
```

ልጁ ወደ 173 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ወደ 27 ሳንቲሜትር ይቀረዋል ማለት ነው።

አሁን ያው ልጅ፣ ያው ቁመት፣ ነገር ግን የአጥንት ዕድሜው 14 ቢሆንስ? መቶኛው 92.7 ይሆናል። 146 ለ0.927 ሲካፈል 157.5 ነው። የሚቀረው 11 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በቁመት አይለዩም። ፊልሙ የሚለየው ይህንን ነው።

የንባብ ስሕተት ዋጋም ከዚሁ ይታያል። ፊልሙን 12 ሳይሆን 13 ብላችሁ ብታነቡት ልጁ የሚዘገየው አንድ ዓመት ብቻ ይሆንና ወደ መካከለኛው ክፍል ይገባል። መቶኛው 87.6፣ ትንበያው 166.7 ይሆናል። በአንድ ዓመት የንባብ ልዩነት 6 ሳንቲሜትር ጠፋ። የቀን አቆጣጠሩ ስሕተትስ? ልጁ 13 ዓመቱ ነው ከተባለ፣ የአጥንት ዕድሜው 12 ሆኖ እንኳ፣ ክፍሉ ይቀየራል። 83.4 በመቶ ይወሰድና ትንበያው 175 ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳዝነው የትንበያው መጨመር አይደለም። ሁለት ዓመት የዘገየ ልጅ አንድ ዓመት ብቻ የዘገየ መስሎ ያልፋል፣ ምክንያቱን የሚፈልግለትም አይኖርም።

ለወላጅ "173" ብላችሁ አትንገሩ። በዚህ ዕድሜ ዘዴው ራሱ ወደ 5 ሳንቲሜትር ወዲህና ወዲያ ይላል። "ከ168 እስከ 178 ባለው ውስጥ ይደርሳል ብለን እንጠብቃለን" በሉ። በጣም በዘገዩ ወንዶች ላይ ሰንጠረዡ ትንሽ አብዝቶ የመተንበይ ጠባይ ስላለው እኔ ወደ ታችኛው ግማሽ አዘነብላለሁ።

ስድስተኛ፦ መልሱን ከቤተሰቡና ከእድገቱ ጋር አስተያዩ

የወላጆችን ቁመት ውሰዱ። ለወንድ ልጅ የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል፣ 13 ይጨመራል፣ ለሁለት ይካፈላል። ለሴት ልጅ 13 ይቀነሳል።

```
(172 + 158 + 13) ÷ 2 = 171.5
```

ከዚህ 8 ሳንቲሜትር ተኩል ወደ ላይና ወደ ታች፣ ማለትም ከ163 እስከ 180፣ የቤተሰቡ ክልል ነው። የፊልሙ 173 እዚህ ውስጥ በደንብ ተቀምጧል። የአባትየው "እኔም ትንሽ ነበርኩ" የሚለው ቃል ሲጨመርበት ሥዕሉ ግልጽ ይሆናል። ይህ ልጅ በቤተሰቡ ልማድ ዘግይቶ የሚጎረምስ ይመስላል። ወላጆችን ስትጠይቁ ግን ቁመታቸውን በቃል አትቀበሉ፣ ለኩዋቸው። አባቶች ለራሳቸው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይጨምራሉ።

ትንበያው ከቤተሰቡ ክልል ውጭ ቢወድቅስ? መጀመሪያ ሦስቱን ቁጥሮች እንደገና ፈትሹ። ትክክል ከሆኑ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ያለፈው ዓመት እድገት ያስፈልጋል። ከጉርምስና በፊት ጤነኛ ልጅ በዓመት ከ4 እስከ 6 ሳንቲሜትር ያድጋል። ዘግይተው የሚጎረምሱ ልጆች ከመነሣታቸው በፊት ትንሽ ቀዝቀዝ ይላሉ። ልጁ በዓመት ከ4 ሳንቲሜትር በታች ካደገ ግን "ዘግይቶ ነው፣ ይመጣል" ብሎ መሸኘት ትክክል አይደለም። ሐኪሙ የጉርምስና ምልክትንም ይመርምር። የወንድ ልጅ የዘር ፍሬ 4 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ጉርምስናው ጀምሯል፣ ጢምና ድምፅ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በ14 ዓመቱ ምንም ምልክት ከሌለ የቀጠሮ ደብተር ላይ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የዘገየ አጥንት ሁሉ ደህና አይደለም

እናቶች "አጥንቱ ዘግይቷል፣ ስለዚህ ገና ያድጋል" ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን አጥንት በሕመምም ይዘገያል። ፊልሙ መዘግየቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ሲያንስ አጥንት በጣም ይዘገያል፣ አንዳንዴ ብዙ ዓመት። በደጋው አካባቢያችን እንቅርት ድሮም የታወቀ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ብዙ ረድቷል። ያም ሆኖ አንገቱ ላይ እብጠት ያለው፣ የሚደክመው፣ የሚበርደው፣ ሆዱ የሚደርቅ፣ እድገቱ የቆመ ልጅ የታይሮይድ የደም ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ይህ የሚታከም ነው። ሳይታከም በተነሣ ፊልም ላይ ግን የቁመት ትንበያ መሥራት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የምግብ እጥረት ነው። ረጅም ጊዜ የተጎዳ ልጅ አጥንቱ ይዘገያል። ሰንጠረዡ የተሠራው ግን በደንብ ከሚበሉ ልጆች ነው። የአትላሱ ሥዕሎችም በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ፣ ደህና ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች የተወሰዱ ናቸው። "84.5 በመቶ ጨርሷል" ሲል የቀረውን 15.5 በመቶ ሳይጎድልበት ያገኘዋል ብሎ ነው። የሚበላው ካልተስተካከለ አጥንቱ ይበስላል፣ ቁመቱ ግን አይከተለውም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ልጅ ላይ ትንበያውን እንደ ጣሪያ ውሰዱት፣ እንደ ቀጠሮ አትውሰዱት። ክብደቱ ለቁመቱ ካነሰ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደሚበላ፣ ተቅማጥ እንዳለበት፣ ለረጅም ጊዜ ያመመው ነገር እንዳለ ነው።

ሪኬትስ ያለበት ፊልም ደግሞ ለትንበያ አይነበብም። የራዲየስና የአልና ጫፍ ሰፍቶ፣ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ጨርቅ ከመሰለ በቫይታሚን ዲ እጥረት የታመመ አጥንት ነው። መጀመሪያ ይታከም፣ ከዚያ በኋላ ይነሣል። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ ልጅም፣ በተፈጥሮ የአጥንት አሠራር ችግር ያለበት ልጅም ለዚህ ሰንጠረዥ አይሆኑም።

ተቃራኒውም አለ። አጥንቱ የቀደመ ልጅ ዛሬ ከክፍሉ ሁሉ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ወላጆቹም ምንም አይጠይቁም። 8 ዓመት ሳይሞላት ጡቷ የሚያጎጠጉጥ ሴት ልጅ፣ 9 ዓመት ሳይሞላው የሚጎረምስ ወንድ ልጅ ቁመታቸው ቀድሞ ይዘጋል። እነዚህን ይዛችሁ ለመምጣት አትዘግዩ። የወር አበባዋን ያየች ሴት ልጅ የሚቀራት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ገደማ ነውና ያኔ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በተደጋጋሚ ይመጣል። "ለእግር ኳስ ፕሮጀክት ዕድሜውን በፊልም አረጋግጡልን" ይላሉ። በእጅ ፊልም የልደት ዕድሜ አይረጋገጥም። ልጃችን 14 ዓመቱ ሆኖ አጥንቱ 12 ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሰባተኛ፦ ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፍ? መቼ ይደገም?

ሪፖርቱ ላይ "የአጥንት ዕድሜ 12" ብቻ ተጽፎ ከመጣ አልተሟላም። የልጁ ጾታ፣ የልደት ቀንና ፊልሙ የተነሣበት ቀን በአንድ አቆጣጠር፣ በየትኛው ዘዴ እንደተነበበ፣ በዚያ ቀን የነበረው ቁመት፣ እና አንባቢው የተመለከተው ዋና ምልክት ይጻፍ። "ሴሳሞይድ የለም፣ ቆቦቹ ከግንዱ እኩል ናቸው፣ መታጠፍ አልጀመሩም" የምትል አንዲት መስመር ከቁጥሩ በላይ ትጠቅማለች። የሚቀጥለው ሐኪም፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ጊዮን፣ ከዚያ ላይ ተነሥቶ ይቀጥላል።

በየወሩ ፊልም አታስነሡ። አጥንት ቶሎ አይለወጥም። 6 ወር ሳይሞላ የተነሣ ድጋሚ ፊልም የሚያሳየው ለውጥ ከንባብ ስሕተት አይለይም። ቁመቱን ግን በየሦስት ወሩ ለኩ፤ ወጪ የለውም።

ለዘጌው ልጅ የምናደርገው ይህ ነው። የታይሮይድና የተለመዱ የደም ምርመራዎች ይታዘዙለታል። ቁመቱ በየሦስት ወሩ ይመዘገባል። ፊልሙ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2019 ላይ ይደገማል። ያኔ አጥንቱ 13 ከሆነና ቁመቱ 151 ወይም 152 ከደረሰ በመንገዱ ላይ ነው። አሁንም ሁለት ዓመት ስለሚዘገይ ለዘገየ ልጅ የተሰጠው መቶኛ 88 ነው። 152 ለ0.88 ሲካፈል 172.7 ይመጣል፣ ከመጀመሪያው ትንበያ ጋር ይገጥማል። አጥንቱ 14 ደርሶ ቁመቱ 150 ላይ ከቀረ ግን አጥንቱ በአንድ ዓመት ሁለት ዓመት ሮጧል፣ ትንበያው ወደ 162 ወርዷል። ያን ጊዜ እናትየው ለሚቀጥለው ዓመት አትቀጠር፣ በዚያው ሳምንት የሕፃናት ሆርሞን ሐኪም ጋር ትላክ። የመጀመሪያውንም ፊልም ይዛ ትሂድ።